ከጠብ በኋላ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ
(ለመስኖ ውሃ ኮሚቴ አባላትና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አይደለም። የመስኖ ኮሚቴ ተሰብስቦ፥ በውሃ ተራ ተጣልቶ፥ በመጨረሻም አንድ ነገር ወስኖ ሲነሣ ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ምን ሊጽፍ ይገባዋል፤ ይህንን እናያለን። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር እንውሰድ።

ወሩ የካቲት ነው። በቦዩ ግርጌ ያሉት ገበሬዎች ሽንኩርት ተክለው ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀምሯል። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይደለምና በዚህ ጊዜ ውሃ ሲያጣ ቶሎ ይጐዳል። ተራው በየ8 ቀኑ ሲሆን ግርጌዎቹ የካቲት 4 አጠጡ፤ በ12 ግን ውሃው ሳይደርሳቸው ቀረ። ቅዳሜ የካቲት 14 ኮሚቴው ሲሰበሰብ ግርጌዎቹ «ራስጌዎች በሌሊት ሰረቁን» አሉ። ራስጌዎቹም «ቦዩ በደለል ተሞልቶ እንጂ እኛ አልነካንም፤ እናንተም ለጠረጋ አትወጡም» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ የተወራረዱትን ቃል እዚህ መድገም አያስፈልግም። ጸሐፊው ግን በመዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ራስጌዎች ውሃ እንደሚሰርቁ ታመነ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ቦዩ በአስቸኳይ እንዲጠረግና ግርጌዎች እንዲካሱ ተወሰነ።»

ይህን ጽሑፍ ቃል በቃል እንመርምረው። «ታመነ» ሲል ያመነው ማን ነው? ራስጌዎቹ አላመኑም፤ ኮሚቴውም በዚህ ነገር ላይ ድምፅ አልሰጠም። ስለዚህ ጸሐፊው ባንዲት ቃል ፈረደ ማለት ነው። «ካዱ»፥ «አመኑ»፥ «ወነጀሉ»፥ «አሳበቡ» የሚሉት ቃላት ሁሉ እንደዚሁ ፍርድ የተሸከሙ ናቸው። በእነርሱ ፈንታ «አሉ»፥ «አስረዱ»፥ «መለሱ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ለአንዱ ወገን «አስረዳ»፥ ለሌላው «አለ» እያሉ ማበላለጥም አይገባም፤ ሰሚው ወዲያው ያውቀዋልና።

ሁለተኛው ጉድለት «እንዲጠረግ ተወሰነ» የሚለው ነው። የቋንቋችን ጠባይ ሠሪውን ሳይጠሩ ሥራውን ብቻ ለመናገር በጣም ይመቻል፤ «ይጠረጋል»፥ «ይስተካከላል» እንላለን። በጨዋታ ጊዜ ይህ ምንም አይደለም። በቃለ ጉባኤ ላይ ግን የሚጠርገው ማን፥ በየትኛው ቀን፥ ከየት እስከ የት እንደሆነ ካልተጻፈ ቦዩን የሚጠርገው አይገኝም። «በአስቸኳይ» የሚለውም ቀን አይደለም። «እንዲካሱ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንዱ ገንዘብ ነው ይላል፥ ሌላው ውሃ ነው ይላል፥ ጠቡም እንደገና ይነሣል።

እንግዲህ ጸሐፊው የሰማውን ነገር በሦስት ይለየው፦ ሰው በዓይኑ ያየውን፥ ሰው የተናገረውን፥ ኮሚቴው የወሰነውን። በዚሁ ምሳሌ ያየ ሰው የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። የውሃ አባቱ የቦዩን መዝጊያ ተከፍቶ አግኝቶታል፤ የከፈተውን ሰው ግን አላየም። የልማት ሠራተኛውም ደለሉን በእግሩ ሄዶ አይቶታል። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም፤ መዝጊያው መከፈቱም ደለል መኖሩም እውነት ሊሆን ይችላል። በጭቅጭቅ ጊዜ ይህን ማንም አያስተውለውም፤ ለየብቻ ሲጻፍ ግን ይታያል።

ስለዚህ የተቃናው ቃለ ጉባኤ ይህን ይመስላል፦

«የግርጌ ተወካዮች በተራቸው ውሃ እንዳልደረሳቸውና ምክንያቱም መዝጊያው በሌሊት መከፈቱ እንደሆነ ገልጸዋል። የራስጌ ተወካዮች መዝጊያውን እንዳልከፈቱና ምክንያቱ ደለል እንደሆነ፥ ግርጌዎችም ለጠረጋ እንደማይወጡ ገልጸዋል። የውሃ አባቱ ለየካቲት 12 አጥቢያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መዝጊያውን ተከፍቶ ማግኘታቸውን፥ የከፈተውን ሰው አለማየታቸውን ተናግረዋል። የልማት ሠራተኛው የካቲት 13 ከመዝጊያው በታች 40 ርምጃ ያህል ቦዩ እስከ ግማሹ በደለል መሞላቱን አይተዋል። ኮሚቴው፦ ማክሰኞ የካቲት 17 ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከራስጌ 10፥ ከግርጌ 10 ሰዎች ይህንኑ 40 ርምጃ እንዲጠርጉ፥ ሥራውንም ሊቀ መንበሩ እንዲቈጣጠሩ፤ ለየካቲት 18 አጥቢያ ራስጌዎች የአንድ ሌሊት ተራቸውን ለግርጌዎች እንዲለቁ፤ የውሃ አባቱ እስከ የካቲት 16 መዝጊያውን በቁልፍ እንዲያስሩ በ5 ድምፅ ወስኗል። ሁለት አባላት የራስጌው ድንች ይጐዳል በማለት ተራውን መልቀቅን ተቃውመዋል።»

እዚህ ላይ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። «የሐሙስ ሌሊት» ቢባል አንዱ ሐሙስ የሚነጋበትን፥ ሌላው ሐሙስ የመሸበትን ሊያስብ ይችላል፤ የውሃ ተራ ደግሞ በሌሊት ስለሆነ በዚህ ብቻ ስንት ሰው ተጣልቷል። «ለ12 አጥቢያ» ሲባል ግን አያሳስትም። ጠረጋው ሰኞ ያልሆነውም 16 ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ነው፤ በበዓል ቀን የተቀጠረ ሥራ አለመሠራቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የተቃወሙትም ከነምክንያታቸው መጻፋቸው ይጠቅማል፤ ቃሉ በመዝገብ የገባለት ሰው ውሳኔውን ባይወደውም አልሰሙኝም አይልምና።

ስድብስ? ስድብ አይጻፍም፤ ከውሳኔው ጋር አይገናኝም፥ ከዓመት በኋላም መዝገቡን የሚያነብ ልጁ ነው። ነገር ግን አንድ አባል ተቈጥቶ ቢወጣና ድምፅ ሳይሰጥ ቢቀር መውጣቱና ሰዓቱ ይጻፋል፤ የድምፁን ቍጥር ይለውጣልና። የመግደል ወይም የማቃጠል ዛቻ ከተሰማ ግን ይህ የኮሚቴ ጉዳይ አይደለም። ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ እንዲነገር መወሰኑና የሚነግረው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ።

ጸሐፊው ራሱ የጠቡ ወገን ከሆነ፥ ለምሳሌ የእርሱ ሽንኩርት ደርቆ ከሆነ፥ ለዚያ ቀን ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻላል። የልማት ሠራተኛው በጽሕፈት ሊረዳ ይችላል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰዎቹ ሳይበተኑ ውሳኔውን ማንበብ ነው። ሊቀ መንበሩ «ቈዩ» ይበልና ጸሐፊው ውሳኔውን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ብዙዎቻችን በጆሮ እንጂ በዓይን አናነብምና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ከማኖር በፊት ይህ ግዴታ ነው። «እኔ 10 ሰው አላልሁም» የሚል ቢነሣ እዚያው ይታረማል። የሚታረመው ቃል ባንድ መሥመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ በጐኑም ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ይፈርማሉ። በመጨረሻው መሥመርና በፊርማው መካከል ባዶ ቦታ ካለ በሰያፍ መሥመር ይዘጋ፤ ኋላ አንድ ሰው እንዳይጨምርበት። በልቅ ወረቀት የጻፉት በማግሥቱ ወደ መዝገቡ ቢገለብጡ ወረቀቱን እስከሚቀጥለው ስብሰባ ያቈዩት።

በምሳሌያችን የሚቀጥለው ስብሰባ የካቲት 21 ነው፤ የግርጌዎቹ መደበኛ ተራ በ20 ስለሆነ ቀኑ በማግሥቱ ተመረጠ። ያን ዕለት የመጀመሪያው ጉዳይ ያለፈውን ውሳኔ አንድ ባንድ ማንበብ ነው። ጠረጋው ተደረገ? ስንት ሰው ወጣ? ቁልፉስ ገባ? በ20 ውሃው ግርጌ ደረሰ? መልሱ በየውሳኔው ሥር «ተፈጸመ» ወይም «አልተፈጸመም፥ ምክንያቱም» ተብሎ ይጻፋል። ቦዩ ተጠርጎ፥ መዝጊያውም ተቈልፎ ውሃው አሁንም ካልደረሰ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነውና ኮሚቴው ቦዩን ከጠለፋው ጀምሮ በእግሩ ሄዶ ይመልከተው።