ከጎን በተነሣ ፎቶግራፍ የጭነትን ልክ መገመት



ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የስሜንን ተራሮች አቋርጦ ወደ መካነ ብርሃን የሚወጣ፣ የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና አለ እንበል። በእጃችን ያለው ከጎኑ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስንት ጆንያ ጭኗል? ክብደቱስ ስንት ነው? በአገራችን የእርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ስለሚታሰብ፣ በግምታችን ውስጥ የሚገባው ስሕተት በቀጥታ ወደ ሰው ቁጥር ይመነዘራል።

አብዛኛው ተማሪ በመጀመሪያ የሚያደርገው በፎቶው ላይ የሚታዩትን ጆንያዎች አንድ በአንድ መቁጠር ነው። መቁጠሩ አይከፋም፤ ነገር ግን ችግሩ ያለው ከሚታየው ላይ አይደለም። ፎቶው የሚያሳየን ርዝመትንና ከፍታን ነው፤ ወርዱን አያሳይም። ከስፖንዳው በስተጀርባ ያለውንም አያሳይም።

ስለዚህ አስቀድመን ልኬት እናብጅ። ለዚህ የሚመቸው ጎማው ነው፤ መጠኑ በጎኑ ላይ ተጽፏልና። 10.00R20 የሚል ከሆነ ከዳር እስከ ዳር 1.05 ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ጭነት የተሸከመ ጎማ ከታች ስለሚጨፈለቅ፣ ከመሀሉ እስከ አናቱ ያለውን ለክቶ እጥፍ ማድረግ ይሻላል። በምሳሌያችን ከመሀል እስከ አናት 105 ፒክሰል ሆነ እንበል፤ እጥፉ 210 ነው፤ ወደ ላይ አንድ ሜትር ማለት 200 ፒክሰል ነው። የጎማው የአግድም ስፋት ግን 199 ፒክሰል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ክብ መሆን የሚገባው ጎማ ሞላላ ከሆነ፣ ፎቶው በትክክል ከጎን ሳይሆን ጥቂት ዘወር ተብሎ ተነሥቷል ማለት ነው። እንግዲያው በአግድም አንድ ሜትር 190 ፒክሰል ነው፤ 1045 ፒክሰል የሚረዝመው ጭነትም 5.5 ሜትር ይሆናል።

የጆንያዎቹ አፍ ወይም ታች ወደ እኛ ከዞረ፣ ወደ ወርዱ ተጋድመዋል ማለት ነው። በአንድ ረድፍ 11 ጆንያ እንቆጥራለን፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ይይዛል፤ ከርዝመቱ ጋር ይስማማል። የስፖንዳው ከፍታ 0.55 ሜትር፣ ከስፖንዳው በላይ የሚታየው ጭነት 0.51 ሜትር ነው። የአንዱ ድርብ ውፍረት 0.17 ሜትር ስለሆነ፣ 1.06 ለ0.17 ሲካፈል 6.2 ይመጣል፤ ድርቡ ስድስት ነው። ወርዱ 2.2 ሜትር፣ የተጋደመ ጆንያ ደግሞ 0.75 ሜትር ያህል ከሆነ፣ ተጠጋግተው ሦስት ይገባሉ። 11 በ3 በ6 ሲባዛ 198 ጆንያ፣ በ50 ኪሎ 9,900 ኪሎ ነው።

አሁን የስሕተቱን መጠን እንመልከት። ከሚታዩት አንዱን ጆንያ ሳንቆጥር ብንቀር የምናጣው ጥቂት ነው። ድርቡን በአንድ ብንሳሳት ግን 33 ጆንያ፣ ማለትም 1,650 ኪሎ፣ የ110 ሰው የወር ቀለብ ነው። በወርዱ ሦስት ያልነው ሁለት ቢሆን ደግሞ የጭነቱ ሢሶ ይጠፋል። በእኔ አስተያየት ሰዓቱን ሁሉ በፒክሰል ላይ ከማጥፋት፣ መኪናውን የጫኑትን ሰዎች «በወርዱ ስንት አጋደማችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

መኪናው በሚዛን ላይ ቢወጣ፣ ከጠቅላላው የባዶው ክብደት ተቀንሶ 9,360 ኪሎ ተገኘ እንበል። ከባዶ ጆንያው ጋር አንዱን 50.1 ኪሎ ብናደርገው 187 ጆንያ ይሆናል። ከግምታችን 11 ጎደለ። አሥራ አንድ ደግሞ ያለ ምክንያት የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የአንድ ሙሉ ረድፍ ልክ ነው። ከላይኛው ድርብ የመሀሉ ረድፍ ባይጫን፣ ከመሬት ቆሞ ፎቶ ያነሣ ሰው ክፍተቱን ሊያየው አይችልም፤ የዳሩ ረድፍ ይከልለዋል።

ይህ ግን አንዱ ትርጓሜ ነው። ጆንያዎቹ በእርግጥ 198 ሆነው እያንዳንዳቸው 47.3 ኪሎ ብቻ ቢሆኑም ሚዛኑ ያንኑ 9,360 ያሳያል። በመጀመሪያው ትርጓሜ የጎደለ ነገር የለም፤ መጀመሪያውኑ 187 ነበር የተጫነው። በሁለተኛው ግን ከየጆንያው እህል ተቀንሷል። ሚዛኑና ፎቶው ብቻቸውን ሁለቱን አይለዩልንም። የነዳጁም ነገር አለ፤ መቶ ሊትር ናፍጣ 84 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ባዶው መኪና የተመዘነው በጎደለ ታንከር ከሆነ ከአንድ ጆንያ በላይ ልዩነት ይመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ልበል። «ኩንታል» ስንል አንዳንዴ መቶ ኪሎን፣ አንዳንዴ ጆንያውን ራሱን ማለታችን ነው። መቶ ኪሎ ስንዴ የሚይዝ ጆንያ በጃናሞራ ገብስ ቢሞላ ሰማንያ ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ገብስ ቀላል ነውና። «ስድሳ ኩንታል ጫንን» የሚል ሰው የቱን እንደቆጠረ ሳይጠየቅ ቁጥሩ ወደ ሰንጠረዥ መግባት የለበትም።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ሁለቱን ትርጓሜዎች የሚለየው ሥራ ቀላል ነው። ከተለያየ ቦታ፣ ከዳርም ከመሀልም፣ አሥር ጆንያ አውርዶ መመዘን ነው። አማካዩ ወደ 50 ከተጠጋ ረድፉ አልተጫነም፤ ወደ 47 ከወረደ ጆንያዎቹ ተነክተዋል። አሥሩ ሁሉ ከላይኛው ድርብ የተወሰዱ ከሆነ ግን መመዘኑ አያስተማምንም፤ እህል የሚቀንስ ሰው ሙሉዎቹን ከላይ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው።