ኦዲተሩ ምን አለ?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት የዓመቱን ሒሳብ ዘጋ እንበል። ጠቅላላ ሀብቱ 100 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 12 ሚሊዮኑ መጋዘን ያለ ቡና ነው። ኦዲተሩ በቆጠራው ተገኝቶ፣ ሰነዱን አገላብጦ የጎላ ስሕተት ካላገኘ «ነቀፌታ የሌለበት» አስተያየት ይሰጣል።

ቡናው ተበላሽቶ ዋጋው ወደ 4 ሚሊዮን ብር ቢወርድና ድርጅቱ ግን መዝገቡን አላስተካክልም ቢልስ? የ8 ሚሊዮን ብር ስሕተት ከባድ ነው፤ ሆኖም በአንድ ጉዳይ የታጠረ ነው። ስለዚህ ኦዲተሩ «ከዚህ ጉዳይ በስተቀር ሒሳቡ ትክክለኛ ነው» ይላል። ዘግይቶ በመሾሙ ቆጠራው ቢያመልጠውና ሌላ ማረጋገጫ ቢያጣም አስተያየቱ ይኸው ነው።

ስሕተቱ ክምችቱን ብቻ ሳይሆን ሽያጩን፣ ዕዳውንና ትርፉን ካዳረሰ ግን «በስተቀር» አይበቃም። በቂ ማስረጃ የያዘው ኦዲተር ሒሳቡ ትክክለኛውን ገጽታ አያሳይም ሲል «አሉታዊ» አስተያየት ይሰጣል።

ደረሰኙ ጠፍቶ፣ የባንክ ማረጋገጫ ታጥቶ፣ መዝገቡ ተቃጥሎ ከሆነስ? ኦዲተሩ ሒሳቡ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ማለት አይችልም፤ «አስተያየት መስጠት አልተቻለም» ብሎ ይጽፋል።

አድማጮች፣ ነቀፌታ የሌለበት ማለት ድርጅቱ አትራፊ ነው ወይም ምዝበራ የለበትም ማለት አይደለም። የኦዲት ሪፖርት ሲደርሳችሁ ከአስተያየቱ ቀጥሎ ያለውን «የአስተያየቱ መሠረት» የሚለውን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ፤ ምክንያቱ የተጻፈው እዚያ ነው።