የአማትና የምራት ደም ማነስ
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ይፋት ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት በሠራሁባቸው ዓመታት ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት ልናገር ነው የመጣሁት። የባለ ታሪኮቹን ስም አልጠራም፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም አስቀርቻለሁ።

አማትና ምራት አብረው መጡ። አማቲቱ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ምራቲቱ ገና ሃያ ስድስቷ ነው፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ሁለቱም «ይደክመናል፣ ዳገት አይገፋልንም» አሉ። የሁለቱም ዓይን ሽፋን ነጥቷል። ሄሞግሎቢን ሲለካ የአማቲቱ 8.9፣ የምራቲቱ 9.1 ሆነ። እኔም አንድ ዓይነት ቁጥር አይቼ አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ የአይረን ኪኒን፣ ለሁለቱም ጻፍኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆነኝም።

በወሩ የምራቲቱ 10.6 ደረሰ። የአማቲቱ 8.8 ነው። «ኪኒኑን አልዋጡም እንዴ እማማ?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩ፣ ሆዴን እያቃጠለኝም ውጫለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ሳላምናቸው ተጨማሪ የሁለት ወር ኪኒን ሰጥቼ ላክኋቸው። በሦስተኛው ወር ሲመለሱ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል።

ያኔ ነው የሁለቱንም ደም ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ የላክሁት። ኪኒን የጀመረች ሰው ውጤት ትንሽ ይዛባል፤ ደግነቱ ምራቲቱ የእኔን ኪኒን ጨርሳ ከቆመች ሁለት ወር አልፏታል። እንዲያም ሆኖ ፌሪቲኗ 9 ማይክሮግራም በሊትር ነው የመጣው። የአማቲቱ 310! በደም ውስጥ የሚዞረው ብረት ግን በሁለቱም አንሷል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንደኛዋ ብረት የላትም፤ ሌላኛዋ ብረት ሞልቷት ተቆልፎባታል።

እኛ ስንማር የቁልፉ ስም በመጽሐፋችን አልነበረም። ሄፕሲዲን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 ነው፤ መጀመሪያም የታሰበው ጀርም የሚገድል ትንሽ ፕሮቲን ተብሎ ነበር። በ2004 የሥራው መንገድ ተገለጠ። ብረት ከሕዋስ ወደ ደም የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው፣ ፌሮፖርቲን ይባላል። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን እዚያ በር ላይ ይጣበቅና በሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ያፈርሰዋል። በሩ ያለው በአንጀት ሕዋስ ላይ፣ እንዲሁም በጣፊያና በጉበት ባሉ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን በሚበሉ ማክሮፌጆች ላይ ነው።

በቀን ከምግብ የምንወስደው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። መቅኒ ደም ለመሥራት ግን በቀን ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሞሉት ማክሮፌጆች ናቸው፤ ካረጀው ደም ብረቱን አውጥተው ይመልሱታል። ስለዚህ የማክሮፌጅ በር ሲዘጋ ጎተራው ሞልቶ መቅኒ ይራባል። አንጀትም አብሮ ስለሚዘጋ የሰጠኋቸው ኪኒን አብዛኛው ሳይገባ ነው የወጣው።

ትራንስፈሪንን ለተማሪዎች የማስረዳው በሰንበቴ ገበያ ግመል ነው። ግመል ጭነቱን በግራና በቀኝ ይሸከማል፤ አንድ ትራንስፈሪንም የሚይዘው ሁለት የብረት አተም ነው። በጤናማ ሰው ከጭነት ቦታው ሲሶ ያህሉ ይሞላል። ብረት ሲጠፋ ጉበት «ምናልባት የሚጫን ይገኝ እንደሆነ» ብሎ ብዙ ግመል ይልካል፤ የምራቲቱ የመሸከም አቅም 450 ሆኖ የተጫነው 6 ከመቶ ብቻ ነበር። በአማቲቱ ግን ግመሎቹም አንሰዋል፣ አቅሙ 210፣ የተጫነው 13 ከመቶ። ሰውነት ብረት እንዲዞር አልፈለገም ማለት ነው።

ለምን አይፈልግም? ጀርምም ለመራባት ብረት ይሻልና። በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው መልእክተኛ ጉበትን ያዝዛል፣ ሄፕሲዲን ይጨምራል፣ ብረት ይደበቃል። ዘራፊ ሲመጣ እህሉን ጉድጓድ እንደሚቀብር ገበሬ ነው። ችግሩ ዘራፊው ወራት ሲቀመጥ ነው፤ ባለቤቱም አብሮ ይራባል።

እኔም ዘግይቼ ዘራፊውን ፈለግሁ። «ያስልዎታል?» ስላቸው «እሱማ ከመኸር ጀምሮ ነው፣ ጭሱ መስሎኝ» አሉ። ሌሊት ያልባቸዋል። አክታቸው በጂን ኤክስፐርት ሲታይ ቲቢ ተገኘ። አይረኑን አቁሜ የስድስት ወር የቲቢ ሕክምና ጀመሩ። በሁለተኛው ወር 10.3፣ በስድስተኛው 12.4። አንዲት የብረት ኪኒን ሳይጨመር።

የምራቲቱ ነገር ቀላል ነበር፣ ቢሆንም ምክንያቱን መፈለግ ነበረብኝ። ተደራራቢ ወሊድ አለ፤ በመስኖው የሽንኩርት ማሳ በባዶ እግሯ ትሠራለች፣ በሰገራዋም ሁክዎርም ተገኘ። ለትሉ መድኃኒት ሰጠን። አይረኑን ደግሞ በዚህ ጊዜ አንድ ቀን እየዘለለች እንድትወስድ አደረግሁ። አንድ ኪኒን ራሱ ሄፕሲዲንን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ስለሚያደርግ በማግስቱ የሚዋጠው በደንብ አይገባም፤ ሆድም ያቃጥላል። ሄሞግሎቢኗ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ቀጠለች፤ መጀመሪያ ያቆምኳት ጎተራው ሳይሞላ ነበር።

«ይፋት ጤፍ በሊታ ነው፣ ብረት እንዴት ያንሰናል?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያውያን የብረት ፍጆታ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኛው ግን ከአውድማ ጤፉ ጋር የተቀላቀለ የአፈር ብረት ነበር። የአፈር ብረት ደግሞ ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ከምግብ በላይ የሚጠጣው ቡናም ያግደዋል (ይህን ስናገር ቡና የሚቀዳልኝ አጥቼ አውቃለሁ)።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ልጨምር። ሁለቱ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝ ፌሪቲን ያታልላል። ብግነት ራሱ ፌሪቲንን ስለሚያስነሣ 45 ያላት ባለ ቲቢ «ብረቷ ደህና ነው» ልትባል ትችላለች። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ አዋቂ 15 ያደረገውን ወሰን ብግነት ላለበት ወደ 70 ከፍ ያደረገው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ በሽታውን አክማለሁ፣ ከዚያ ብረቱን እሰጣለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቆላው ወባ በወባ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ትኩሳት ላይ ያለ ልጅ አይረኑ ከወባው መድኃኒት በኋላ ይደርስለታል።

ፌሪቲን በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ አውቃለሁ። እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። አይረን ከመጻፌ በፊት ሳል፣ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የመገጣጠሚያ እብጠት እጠይቃለሁ፤ ኢኤስአር አሠራለሁ። ካርዱ ላይ የወር ቀጠሮ እጽፋለሁ። በወሩ ሄሞግሎቢን ቢያንስ በ1 ካልጨመረ፣ በሽተኛዋም «ውጫለሁ» ካለች፣ አምናታለሁ፤ ኪኒኑን አልደግምም፣ ከአልጋው ላይ አስተኝቼ እንደ አዲስ መመርመር እጀምራለሁ።