በገናን ያለ ስሙ መግለጽ

ጽሑፍ ተቀብሎ ሙዚቃ የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ በሥልጠናው በገናን ብዙም ካላገኘው፣ ስሙ ብቻ ሲጻፍለት በግምት ይሠራል። ጥርት ያለ የአውሮፓ ሃርፕ ወይም ከበሮ ያጀበው ክራር ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ ድምፁ ይገለጽ። በገና ከአንጀት የተሠሩ 10 አውታሮች አሉት። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲደረደር በርኩማውን እየነካካ ይነዝራል። በገናን በገና የሚያሰኘው ይህ ንዝረት ነው!

ትእዛዙ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በጣት የሚደረደር ወፍራም የአንጀት አውታር፤ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ንብ ይነዝራል፤ አጭር ዜማ በዝግታ ይደጋገማል፤ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራል፤ በዐቢይ ጾም የሚደረደር ጸሎት፤ ከበሮ የለም።»

የመጨረሻዎቹ ሐረጎች ለመተግበሪያው የመሣሪያውን ሚና ይነግሩታል፤ ያለ እነሱ ምቱ ወደ ጭፈራ ሊያዘነብል ይችላል።

ንዝረቱ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ከሻከረ «ከእንጨትና ከቆዳ የሚወጣ፣ ያለ ኤሌክትሪክ» ተብሎ ይጨመር። መለያው ቀላል ነው፦ ትክክለኛው ንዝረት ከእያንዳንዱ ድምፅ ጋር ተነሥቶ አብሮት ይሞታል። ከሥር ሳይቋረጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን የበገና ሳይሆን ተራ ጫጫታ ነው።