የዶሮው ብልት በስሏል?

«ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው» አለ አቅራቢው። «ደባርቅ ላይ ደግሞ የሚፈላበት ሙቀት ከዚያም ዝቅ ይላል። ወጡ ቢንተከተክም ሥጋው ከቆላው ዘግይቶ ይበስላል።»

ባልደረባው ሳቀች። «ታዲያ አሥራ ሁለቱንም ብልት እየቆረጥን እንይ?»

«የለም፣ ትልቁን ታፋ ብቻ አውጪ። ቴርሞሜትሩን አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ ክተቺ፤ 74 ዲግሪ ካሳየ በስሏል።»

«ቴርሞሜትር ከሌለስ?»

«የእግሩን ጫፍ እዪ። ሥጋው ተሰብስቦ አጥንቱ ከተገለጠ፣ መገጣጠሚያውም በቀላሉ ከዞረ፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ እርግጠኛው ግን ቴርሞሜትሩ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ መጥራቱን ማየት በበርበሬው ምክንያት አይቻልም።»

እሷም አንድ ነገር አከለች፤ የሐበሻ ዶሮ 74 ዲግሪ ደርሶም ሥጋው ሊጠጥር ይችላል። ያ ጥሬነት አይደለም፤ እስኪለሰልስ በዝግታ መንተክተክ አለበት።