ሁለት ክምሮች፦ ሳይክልጋን ፎቶግራፍን ወደ ሥዕል የሚለውጥበት መንገድና የሚሰናከልበት ቦታ



ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በየማለዳው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተነሥታችሁ ወደዚህ ትመጣላችሁ። ስለዚህ የዛሬውን ንግግሬን በምታውቁት መልክዓ ምድር ልጀምር። የወጨጫን ተራራ፣ የገፈርሳን ውኃና የሱሉልታን ሜዳ የሚያሳዩ አንድ ሺህ ፎቶግራፎች አሉን እንበል። በሌላ በኩል ደግሞ በአገራችን ባህላዊ አሣሣል የተሠሩ፣ ጥቂት መቶ ሥዕሎች ሰብስበናል እንበል። የምንፈልገው ፎቶግራፎቹን ወደዚያ አሣሣል የሚለውጥ መሣሪያ ነው።

ችግሩ ወዲያው ይታያል። ማሽን ለማስተማር የተለመደው መንገድ ጥያቄውን ከነመልሱ ማቅረብ ነው፤ ማለትም ፎቶግራፉንና የዚያኑ ቦታ ሥዕል ጎን ለጎን ማሳየት። ነገር ግን የባህላዊ ሠዓሊዎቻችን የሱሉልታን ሜዳ በእኛ ካሜራ ማዕዘን አልሣሉልንም። በእጃችን ያሉት ጥንዶች ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ ክምሮች ናቸው።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ መማር እንደሚቻል ጁን-ያን ዡ፣ ቴሶንግ ፓርክ፣ ፊሊፕ አይሶላና አሌክሲ ኤፍሮስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይክልጋን በተባለው ሥራቸው አሳዩ። ከሙከራዎቻቸው በአንዱ የቫን ጎግን አሣሣል ያስተማሩት በ401 ሥዕሎች ብቻ ነበር። ክምሮቹ በቁጥር እንኳ እኩል መሆን አላስፈለጋቸውም።

አሠራሩ አራት ተዋንያን አሉት። G ፎቶግራፍን ወደ ሥዕል ይለውጣል፤ F ደግሞ ሥዕልን ወደ ፎቶግራፍ ይመልሳል። ሁለት ዳኞችም አሉ። አንዱ «ይህ በእውነት ከሥዕሎቹ ክምር የመጣ ነው ወይስ G ያበጀው?» ብሎ ይፈርዳል፤ ሁለተኛውም በፎቶግራፎቹ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ለዋጮቹ ዳኞችን ለማታለል፣ ዳኞቹም ላለመታለል ይጣጣራሉ፤ በዚህም ሁሉም አብረው ይሠለጥናሉ።

ይሁን እንጂ ዳኛ ብቻውን አይበቃም። G የሱሉልታን ሜዳ ተቀብሎ ከሜዳው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ጥሩ ሥዕል ቢያወጣ ዳኛው ይረካል፤ የሚጠይቀው ሥዕል መምሰሉን እንጂ የየትኛው ፎቶግራፍ ሥዕል መሆኑን አይደለምና። ስለዚህ ሌላ ሕግ ተጨመረ። እኔ የደርሶ መልስ ሕግ እለዋለሁ፦

```
F(G(x)) ≈ x
G(F(y)) ≈ y
```

ፎቶግራፉ ወደ ሥዕል ሄዶ ሲመለስ ራሱን መሆን አለበት። ለምሳሌ አንድ የአደይ አበባ ነጥብ ሲነሣ የቀይ መጠኑ 230 ቢሆንና ሲመለስ 210 ቢሆን፣ ልዩነቱ 20 እንደ ጥፋት ይቆጠራል። የሁሉም ነጥቦች ጥፋት አማካይ ተወስዶ በ10 ይባዛል፤ ክብደቱን ይህን ያህል ያደረጉት ደራሲዎቹ ናቸው። እንግዲህ G ሜዳውን እንዳሻው መጣል አይችልም፤ ከጣለው F የሚመልሰው ነገር ያጣል።

እስከዚህ ድረስ መሣሪያው ብልህ ነው። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «አሣሣል» የሚለውን ነገር ለማሽኑ የነገረው ማን ነው? ማንም አልነገረውም። እርሱ የሚያውቀው ሁለቱ ክምሮች የሚለያዩበትን ነገር ብቻ ነው። ልዩነታቸው የቀለም አቀባብ ከሆነ የቀለም አቀባብን ይማራል፤ ሌላ ነገር ከሆነም ያንን ሌላ ነገር ይማራል። የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው መሰናክል የይዘት መዛባት ነው። በባህላዊ ሥዕሎቻችን ላይ ሰው የሌለበት ሥዕል እምብዛም አይገኝም፤ የእኛ ፎቶግራፎች ግን ባዶ ሜዳና ተራራ ናቸው። ዳኛው «ፊትና ትልቅ ዓይን የሌለው ሥዕል ሐሰተኛ ነው» ብሎ መማሩ አይቀርም። ያን ጊዜ G ዳኛውን ለማስደሰት በድርቆሹ ክምር ወይም በደመናው ላይ ዓይን የሚመስል ነገር ማብቀል ይጀምራል። ይህ በሥዕል ላይ ቢያስቅም በሌላ ቦታ አያስቅም፤ ጆሴፍ ፖል ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንጎል ምስሎች ላይ ባደረጉት ሥራ፣ ክምሮቹ በሕሙማን ብዛት ሲዛቡ እንዲህ ያለ ለዋጭ ዕጢን ሊጨምር ወይም ሊያጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል።

ሁለተኛው መሰናክል የቅርጽ ነው፤ ለእኛም ይበልጥ የሚያሳስበን እርሱ ይመስለኛል። እንደምታውቁት በቤተ ክርስቲያን አሣሣላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። በዐድዋ ሥዕሎችም ይኸው ልማድ ወገንን ከጠላት ይለያል። እንግዲህ ከብቶቹን እየነዳ የሚያልፍ ገበሬ በሱሉልታ መንገድ ላይ ከጎን ፎቶግራፍ ተነሥቷል እንበል። ሳይክልጋን ዙሪያውን በጥቁር መስመር ይከባል፤ ጥላውን ያጠፋል፤ ልብሱን በደማቅ ቀለም ይሞላል። ፊቱን ግን ወደ እኛ አያዞረውም። በትውፊቱ ያደገ ተመልካች የሚያየው እንግዲህ ኃጥእ ነው።

ለምን አያዞረውም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዳኛው ምስሉን የሚመረምረው 70 በ70 ነጥብ በሆኑ ቁራጮች ነው፤ የቀለሙንና የመስመሩን ጠባይ ይፈትሻል እንጂ ይህ ፊት የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ፊቱ ቢዞር F መልሶ ወደ ነበረበት ማዞር ይኖርበታል፤ ስለዚህ በደርሶ መልስ ሕግ ዘንድ የሚረክሰው መንገድ ቅርጹን ሳይነኩ ቀለሙን መለወጥ ነው። ደራሲዎቹም ራሳቸው ውሻን ወደ ድመት ለመለወጥ ሲሞክሩ ለውጡ እጅግ አነስተኛ ሆኖ እንደቀረ ጽፈዋል።

ሦስተኛው መሰናክል የተሰወረ ነው። ደርሶ መልሱ መልካም ሆነ ማለት ሥዕሉ የፎቶግራፉን ይዘት ያሳያል ማለት አይደለም። ኬሲ ቹ፣ አንድሬ ዥሞጊኖቭና ማርክ ሳንድለር እ.ኤ.አ. በ2017 የአየር ፎቶግራፍን ወደ ካርታ ሲለውጡ፣ በካርታው ላይ ፈጽሞ የማይታዩ የጣሪያ ዝርዝሮች በመልሱ ላይ ተገኙ። G ለF በዓይን በማይለይ ስስ የቀለም ንዝረት ምስጢር ይጽፍለት ነበር። እናንተም ይህን መፈተሽ ትችላላችሁ፦ በG ውጤት ላይ ጥቂት የዘፈቀደ ንዝረት ጨምራችሁ ለF ስጡት። ለዓይን ያልተለወጠ ሥዕል ሆኖ ሳለ መልሱ ከተበላሸ፣ F ያነብ የነበረው ሥዕሉን ሳይሆን ምስጢሩን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሥራ ይመለከታል። ሁለቱን ክምሮች ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በአንዱ ሰው፣ በሌላው ባዶ ሜዳ ከሆነ አስተካክሉ፤ ወይም ሰው ያለበትን ፎቶግራፍ ጨምሩ፣ ወይም ከሥዕሎቹ የሜዳውንና የሰማዩን ክፍል ቁረጡ። ከሥልጠናውም በኋላ የስሕተት ቁጥሩ መቀነሱን ብቻ አትዩ፤ ውጤቱን አሣሣሉን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ዓይኑ አንድ ይሁን ሁለት፣ ያ ምን ማለት እንደሆነ በየትኛውም ክምር ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ በሰዎቹ ዘንድ ነው ያለው።