ስሙ የማኅበሩ ይሁን
(በሲናና ወረዳ ለአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ቦርድ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የቦርዱ ሰብሳቢ፣
የተከበራችሁ የቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
አባቶቼና እናቶቼ፣

ያመጣሁት ጥያቄ አጭር ነው። ማኅበራችን የራሱ ድረ ገጽ እንዲኖረው ገንዘብ ይመደብ፤ የሚያስተዳድረውም ሰው በቃለ ጉባኤ ይሰየም። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ስለሆነ አብዛኛው ንግግሬ በእርሱ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ድረ ገጹ ለማን ነው የሚለውን እንለይ። ለእኛ ለአባላቱ አይደለም። የዘርና የማዳበሪያ መምጣትን አባል የሚሰማው በስልክ፣ በገበያ ቀንና በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ በሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ ይኸው ይቀጥላል። ድረ ገጹ የሚያስፈልገው እስከ ዛሬ ለማያውቀን ገዢ ነው። ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ ያለ የፋብሪካ ግዢ ሠራተኛ የባሌን ስንዴ ሲፈልግ በቅድሚያ በእጁ የሚገኘው የደላላ ስልክ ቁጥር እንጂ የእኛ አይደለም።

ይህ ገዢ ምን እንደሚጠይቅ ከራሳችን አካባቢ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ በባሌ በተካሄደው የፓስታ ስንዴ ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ለፓስታ ፋብሪካዎች ምርት ማቅረብ ጀምረው ነበር። የፓስታ ፋብሪካ የሚጠይቃቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ዝርያው ከዳቦ ስንዴ ጋር ያልተቀላቀለ ነው ወይ? ስንት ኩንታል በአንድ ቦታ ተከማችቷል? ፕሮቲኑና እርጥበቱ ተለክቷል ወይ? ከባድ መኪና እስከ መጋዘኑ በር ይደርሳል ወይ? ማንን ላነጋግር? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የሚመልስ አንድ ገጽ ለእኛ ይበቃናል። የሚንቀሳቀስ ሥዕልም ሆነ ረጅም የማኅበር ታሪክ አያስፈልገንም።

ነገር ግን ገጹ ከመጋዘኑ ጋር እኩል መራመድ አለበት። እንደምታውቁት ደጋው ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ የገናው ምርት በሐምሌና በነሐሴ፣ የቦናው በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። እንበልና በጥር ወር «600 ኩንታል የፓስታ ስንዴ አለን» ብለን አወጣን። በመጋቢት ተሸጦ አለቀ፤ ጽሑፉን ግን የነካው ሰው የለም። በግንቦት አንድ ገዢ አይቶ ይደውላል፤ የለም እንለዋለን። በነሐሴ በእርግጥ ስንዴ ሲኖረን ያ ሰው ተመልሶ አይደውልም። ያረጀ ገጽ ካለመኖሩ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። የመጋዘን ሠራተኛው በመጋዘን ካርድ ላይ ያለውን ቀሪ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለተመደበው ሰው ይነግራል። ያ ሰው ቁጥሩንና ቀኑን ይቀይራል። ምርት ከሌለ «ተሸጦ አልቋል፤ ቀጣዩ ምርት በነሐሴ ይገባል» ብሎ ይጽፋል። ዋጋ ግን አይጻፍ፤ የስንዴ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ስለሚለዋወጥ የጻፍነው ዋጋ ራሳችንን መልሶ ያስረናል። ሥራው በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ሥራ ተብሎ ካልተሰየመ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ድርጅት ድረ ገጽ ተሠርቶ በደስታ ተመረቀ። የአድራሻው ስም ከውጭ አገር ድርጅት በዶላር የሚከራይ በመሆኑ፣ ውጭ አገር የሚኖር የአንድ ባልደረባችን ዘመድ በራሱ ካርድ ከፈለልን። ስሙም በዚያው ሰው ተመዘገበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካርዱ ተቀየረ፤ ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው የግል ኢሜይል ሲደርስ ኖረ፤ አድራሻውም ከእጃችን ወጣ። በደብዳቤዎቻችንና በማኅተማችን ላይ የታተመው አድራሻ የሌላ ሰው ሆነ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። የአድራሻ ስም እንደ መሬት ኪራይ ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። በ`.com` የሚያልቅ ስም ጊዜው ሲያልፍ ድረ ገጹ ይቋረጣል። አከራዩ ድርጅት ስሙን እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ በኋላ 30 ቀን ከፍ ባለ ክፍያ ማስመለሻ ጊዜ አለ። በመጨረሻ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለቀደመ ሁሉ ክፍት ይሆናል። እንዲህ በ`.com` የሚያልቅ ስም ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ ከእናንተ ማንኛውም ሰው በስልኩ `lookup.icann.org` ገብቶ ማየት ይችላል። የቁጥጥር ኮሚቴው ካዝናን በሚቆጥርበት ቀን ይህንንም አብሮ ቢያይ መልካም ነው።

ስለዚህ ስሙ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ። መገናኛው ኢሜይል የጽሕፈት ቤቱ ይሁን። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ፤ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙበት፤ ሰው ሲለወጥ ቃሉም ይለወጥ። በ`.et` የሚያልቀውን አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በብር ለመክፈል ያመቻል። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ብቻ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተ `.coop` የሚባልም አለ፤ እርሱ ግን ወደዚያው የዶላር ችግር ይመልሰናል። ገጹን የሚሠራልን ባለሙያ የመጨረሻ ክፍያውን የሚቀበለውም ሙሉ ቅጂውንና ቁልፎቹን ካስረከበ በኋላ ይሁን።

«ቴሌግራምና ፌስቡክ በነጻ እያለ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ጥያቄ ከአባላት እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ለዕለት ወሬ እነዚያ ይበቃሉ፤ እንጠቀምባቸው። ነገር ግን የቴሌግራም አካውንት ከአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ጋር የታሰረ ነው። ልጁ ሥራ ቀይሮ ወደ ጎባ ወይም ወደ አዳማ ሲሄድ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። ክፍያ ብንቆጥብም ከባለቤትነቱ ጥያቄ አናመልጥም።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ እበድላችኋለሁ። ቦርዱ ሰው ለመመደብ የማይችል ከሆነ ብቻችንን አንጀምር። ዩኒየናችን በሚኖረው ድረ ገጽ ላይ የማኅበራችን አንድ ገጽ እንዲገባ እንጠይቅና መረጃውን ብቻ እንላክ። ወጪው ያንሳል፤ የመጋዘኑን ቀሪ በየአሥራ አምስት ቀኑ የመላክ ግዴታው ግን ያው ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የምጠይቃችሁ ውሳኔ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመሥሪያው ወጪና ከእርሱም ተለይቶ የየዓመቱ ማደሻ በበጀት ተይዞ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ የሚያስተዳድረው ሰውና እርሱ በሌለበት የሚተካው በስም ይጠቀሱ። ሦስተኛ፣ ስሙና ቁልፉ እንደ መጋዘኑና እንደ ሚዛኑ በንብረት መዝገብ ይግቡ። ሁለተኛው የማይሆን ከሆነ የመጀመሪያውን ባታጸድቁልኝ ቅር አይለኝም፤ ገንዘቡ የአባላት ነውና።